ስሜ በ«ፈ» ይጀምራል፦ ለቃለ መጠይቅ ለጠራን መሥሪያ ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የሰው ሀብት ክፍል ኃላፊዎች፣ እንዲሁም በየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ለምትመለምሉ ሁሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም እዚህ አልጽፍም። ደብዳቤው ሲደርሳችሁ እናንተው ታውቁታላችሁ። ሌሎች መሥሪያ ቤቶችም ቢያነቡት ደስ ይለኛል፤ የምናገረው በአንድ ኮሪደር ብቻ የሚሆን ነገር አይመስለኝም።

እኔ የአካውንቲንግ ምሩቅ ነኝ። መውጫ ፈተናውን አልፌ፣ ጊዜያዊ ዲግሪዬን ይዤ፣ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረው ነው ያወጣችሁትን የ«ዜሮ ዓመት» ማስታወቂያ ያየሁት። ተመዘገብኩ። የጽሑፍ ፈተናውን ወሰድኩ። ከዚያ አንድ ሰኞ ማታ በስልኬ መልእክት ገባ፦ «ለቃለ መጠይቅ ረቡዕ ጠዋት 2:30 እንዲገኙ፤ ኦሪጅናል ማስረጃ ይዘው ይምጡ።» እናቴ እልል አለች። ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለሚሄድበት ሰው ቅርብ ነው፣ ጠዋት 2:30 ላይ ለሚፈለግ ሰው ግን ቅርብ አይደለም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሣሁ። በመጀመሪያው መኪና ተሳፍሬ ላምበረት ወረድኩ፣ ከዚያ መገናኛ፣ ከመገናኛ እናንተ ዘንድ። በራችሁ ላይ ስደርስ 2:20 ነበር። ቁርስ አልበላሁም። የያዝኩት ገንዘብ ደርሶ መልስ መሳፈሪያ ነው፣ ከዚያ የሚተርፈው ሻይ ይገዛል።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስደርስ በሩ ላይ የስም ዝርዝር ተለጥፏል። 34 ሰው ነን። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ነው። ከ«ሀ» ይጀምራል። እኔ ግን ከላይ ማንበብ ትቼአለሁ፣ ድሮም ከታች ነው ስሜን የምፈልገው። ስሜ በ«ፈ» ይጀምራል። 34ኛ ነኝ። ከስሬ ማንም የለም።

በ«ፈ» የሚጀምር ስም ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። እኛ አገር የምንጠራው በራሳችን ስም ነው፣ በአባት አይደለም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ስም ከወጣልሽ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተራሽ እዚያው ነው። የቃል ፈተና መጨረሻ፣ መጽሐፍ ዕደላ መጨረሻ፣ መታወቂያ መጨረሻ። ሁልጊዜ ከነፀጋዬና ከነፍቃዱ ጋር ጥግ ላይ እንገናኛለን። በክፍል ውስጥ ይህ ቀላል ነገር ነው። ከሌላ ከተማ ለመጣና 33 ሰው ፊቱ ለተሰለፈ ሰው ግን አንድ ሙሉ ቀን ማለት ነው።

ከዝርዝሩ በታች ሌላ ወረቀት ነበር፦ «ስሙ ሲጠራ በቦታው ያልተገኘ ዕድሉን እንደተወ ይቆጠራል።» ይህችን ዓረፍተ ነገር አስታውሱልኝ። የቀኑ ሁሉ ነገር የሚዞረው በእሷ ዙሪያ ነው።

ኮሪደሩ ላይ አራት ሰው የሚይዝ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ቀሪዎቻችን ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። 2:30 ሆነ። 3:00 ሆነ። የኮሚቴው አባላት አንድ በአንድ መጡ። የመጀመሪያው ስም የተጠራው 3:40 ላይ ነው። እጄ ሥራ ሲፈታ የሚያደርገውን ያድርግ ብዬ በክላሰሬ ጀርባ ላይ ሰዓት መጻፍ ጀመርኩ። ማን ስንት ሰዓት ገባ፣ ስንት ሰዓት ወጣ። የአካውንቲንግ ተማሪ አመል ነው መሰለኝ፣ መዝግቦ ያልያዘውን ነገር አያምንም።

እስከ ምሳ 6:30 ድረስ 10 ሰው ገባ። ለአንድ ሰው በአማካይ 17 ደቂቃ ማለት ነው። ሲወጡ ፊታቸው ጥሩ ነበር። «አናግረውኛል፣ ጊዜ ሰጥተውኛል» ይላሉ። ገና በ«ሰ» ላይ ነበርን።

አሁን ስለ እሳቸው ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጽፍም፣ ምክንያቱ ኋላ ይገባችኋል። የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ።

የተዋወቅነው በመጸዳጃ ቤት ቁልፍ ነው። 5 ሰዓት ላይ መቆም አቃተኝ። ብሄድ ደግሞ መጸዳጃው ተቆልፏል፣ «ለሠራተኛ ብቻ» ይላል። ተመልሼ ግድግዳዬን ያዝኩ። እትዬ በባልዲ ውኃ ይዘው ሲያልፉ አዩኝ። ምንም አልጠየቁኝም። ከወገባቸው ላይ ቁልፍ ፈቱና «ነይ ልጄ» አሉኝ። እኔ ግን አልተንቀሳቀስኩም። «እትዬ፣ ስሜ ቢጠራስ?» አልኳቸው። «ስንተኛ ነሽ?» «34ኛ።» ወረቀቱን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ «አሁን ሰባተኛው ነው የገባው። ሂጂ። ቢጠሩሽ በሩ ላይ ቆሜ መጣች እላቸዋለሁ» አሉኝ። ባልዲያቸውን አስቀምጠው እውነትም በሩ ላይ ቆሙ።

ስመለስ ቁልፉን ለሌሎቹም ሰጡ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተራ በተራ እየወጣን እየገባን፣ የአንዱን ተራ ሌላው ይጠብቅ ጀመር። እስከዚያ ድረስ ተፎካካሪ ነበርን፣ እርስ በርስ ብዙም አልተነጋገርንም ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ኮሚቴው ወጣ። መቼ እንደሚመለስ የነገረን የለም። የአዲስ አበባ ልጆች ወደ ታች ወረዱ። እኔ ቀረሁ። እትዬ ከደረጃው ሥር ካለችው የዕቃ ክፍላቸው የፕላስቲክ ወንበርና ምሳ ዕቃ ይዘው መጡ። ረቡዕ ስለነበር ሽሮ ነው፣ ከጎኑ ትንሽ ጎመን። «እኔ በልቻለሁ እትዬ» አልኳቸው። «መቼ በላሽ? ከጠዋት ጀምሮ እዚህ አይቼሻለሁ» አሉኝ። ውሸቴ እዚያው ከሸፈ። አብረን በላን። የመጀመሪያውን በእጃቸው አጎረሱኝ።

እየበላን ለምን ቀድመው እንዳስተዋሉኝ ጠየቅኳቸው። የመለሱልኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «እኔ ወለሉን የምጠርገው ሲመሽ ነው። ሰው ለሥራ በተጠራ ቀን ሁሉ፣ ማታ መጥረጊያ ይዤ ስመጣ እዚህ ግድግዳ ሥር የማገኘው ልጅ አለ። ስሙ ሁልጊዜ በ‹ፀ› ወይም በ‹ፈ› ነው። መጀመሪያ አጋጣሚ ይመስለኝ ነበር።»

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ይህን ያስተዋለ ሌላ ሰው በመሥሪያ ቤታችሁ ያለ አይመስለኝም። ኮሚቴው ከበሩ ወዲያ ነው፣ ኮሪደሩን አያይም። እኛ አመልካቾች አንድ ቀን መጥተን እንሄዳለን። ሁሉንም ቀን የሚያዩት እሳቸው ናቸው።

ከሰዓት ሥራ መጀመሪያው 7:30 ነው። ኮሚቴው 8:00 ላይ ተሟልቶ ተቀመጠ፣ 11ኛውም ስም ተጠራ። ስሙ በ«በ» የሚጀምር አንድ ልጅ ነው። የለም። ምሳ ሊበላ ወጥቶ ታክሲ ይዞት 8:10 ላይ እየሮጠ ደረሰ። «ተጠርተሃል፣ አልፏል» ተባለ። ልጁ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አነበበ፣ ደግሞ አነበበ። ከዚያ ፋይሉን ታቅፎ ደረጃውን ወረደ። እኔ ክላሰሬ ላይ ስመለከት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ የዘገየው ማን ነው? ከሰዓትስ 30 ደቂቃ? የእሱ 10 ደቂቃ ብቻ ናት ዋጋ ያስከፈለችው። ስሙን በመጨረሻ አንድ ጊዜ ደግሞ መጥራት ምን ይጎዳ ነበር? እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከ8 እስከ 10 ሰዓት 10 ሰው ገባ። 12 ደቂቃ በነፍስ ወከፍ። ከ10 እስከ 11 ሰዓት ደግሞ 9 ሰው። ይህ ሰባት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የሚወጡት ሰዎች ፊት ተለወጠ። «ሁለት ጥያቄ ጠይቀውኝ በቃ አሉኝ» ትላለች አንዷ። ጠዋት የገባው ልጅ ስለ ራሱ፣ ስለ መመረቂያ ጽሑፉ፣ ስለ ሒሳብ አያያዝ ተጠይቋል። ማታ የገባችው ስሟንና አንድ ነገር ብቻ። ነጥቡ የሚሰጠው ግን ከአንድ ቅጽ ላይ ነው። ኮሚቴው ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው። ደክሟቸዋል፣ ሰዓቱም ገፍቷቸዋል። ችግሩ ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት የተሠራ ነው።

ቀላል ሒሳብ ነው። የሥራ ቀን ስምንት ሰዓት፣ ማለትም 480 ደቂቃ ነው። ለ34 ሰው ሲካፈል ለአንዱ 14 ደቂቃ ይደርሳል። ያውም ማንም ሳይዘገይ፣ ሻይ ሳይጠጣ፣ ስልክ ሳያነሣ። የመጀመሪያዎቹ 17 ደቂቃ ሲወስዱ ትርፉ ከመጨረሻዎቹ ላይ እየተቀነሰ ነው። 70ው ደቂቃና 30ው ደቂቃ ሲጨመርበት ደግሞ የሚተርፍ ነገር አይኖርም። ሰኞ ማታ መልእክቱ ሲላክ ይህ ሒሳብ አንድ ወረቀት ላይ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ለሁሉም «2:30» ተብሎ አይጻፍም ነበር።

11 ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ ወጣች። «ቀሪዎቻችሁ ነገ 2:30 ትመጣላችሁ» አለች። አራት ነበርን። ሦስቱ የከተማ ልጆች ናቸው፣ ከፋቸው ግን ተቀበሉት። እኔ እግሬ ከዳኝ። ዛሬ ብመለስ ነገ ጠዋት ሁለተኛ መሳፈሪያ የለኝም። ባድር የማድርበት ዘመድ የለኝም። እንባዬ መጣ፣ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

እትዬ በዚያች ሰዓት የሻይ ብርጭቆ ሊሰበስቡ ወደ ውስጥ እየገቡ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ስለቀረ ድምፃቸውን ሰማሁት። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ውጭ አራት ልጆች ቀርተዋል። አንዷ ከደብረ ብርሃን ነው ሌሊት ተነሥታ የመጣችው። ከጠዋት 2 ሰዓት ጀምሮ ቆማለች። ነገ መምጫም የላትም።»

ትንሽ ዝም ተባለ። አንድ ድምፅ «እርስዎን ምን አገባዎት?» አለ። ሰውነቴ ቀዘቀዘ። በመሥሪያ ቤታችሁ ጽዳቱ በኤጀንሲ እንደሆነ እትዬ ምሳ ላይ ነግረውኛል። አንድ ሰው ቅር ቢለው አንድ ስልክ ይበቃል፣ በማግሥቱ ሌላ ሰው መጥረጊያውን ይይዛል። ስማቸውን ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። እሳቸው ግን አልወጡም። «አላገባኝም ጌታዬ፤ ግን አይቻታለሁ» አሉ።

ከዚያ የሰብሳቢውን ድምፅ ሰማሁ። ሽማግሌ ሰው ናቸው። «አራት ሰው ነው አይደል? እንጨርሳቸው። መሄድ ያለበት ይሂድ» አሉ። ማንም አልሄደም። አምስቱም የኮሚቴው አባላት ተቀመጡ። 11:15 ላይ የመጀመሪያዋ ገባች፣ እኔ የወጣሁት 12:15 ላይ ነው። የኮሚቴው አባላት ይህንን ቢያነቡ፣ ስለዚያች አንድ ሰዓት ከልቤ አመሰግናችኋለሁ። ለእኔ 14 ደቂቃ ሰጣችሁኝ። ሰዓቱን ክላሰሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

የጠየቃችሁኝ ስለ ባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ነበር። «እኛ ጽፈን የሰጠነው፣ ባንኩ ግን ገና ያልከፈለው ቼክ ቢኖር ከየትኛው ሚዛን ነው የሚቀነሰው?» ከባንኩ ነው፣ ምክንያቱም እኛ መዝገብ ላይ አስቀድመን ቀንሰነዋል። መለስኩ። በባዶ ሆዴ ብገባ ኖሮ ይህንን ገልብጬ እንደምመልሰው አውቃለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ፣ ስርበኝ ግራና ቀኝ ይጠፋብኛል። ያ መልስ ግማሹ የእትዬ ሽሮ ነው።

ስወጣ ኮሪደሩ ተጠርጎ አልቋል። የእትዬ ሥራ 11:30 ላይ ያበቃል። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ለብሰው፣ የፕላስቲኳ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። «ዛሬ ደብረ ብርሃን አትደርሺም። እኔ ዘንድ ነው የምታድሪው» አሉኝ። ለእናቴ ደወልኩላት። ስልኩን ተቀብለው ራሳቸው አናገሯት። ምን እንደተባባሉ ሁሉንም አልሰማሁም፣ «እህቴ፣ የኔም ልጅ ናት» ሲሉ ግን ሰማሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ 40 ደቂቃ ቆምን። ከላምበረት ብዙም የማይርቅ ሰፈር፣ አንድ ክፍል ቤት ነው። አልጋቸውን ለእኔ ለቀቁልኝ። እምቢ ብዬ ብሟገትም አልተሳካልኝም። እሳቸው መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈው ተኙ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፍርፍር በምሳ ዕቃ ቋጥረው፣ መናኸሪያው ድረስ ሸኝተውኝ፣ ከዚያ ወደ እናንተ ዘንድ ለሥራ ሄዱ።

የምጠይቃችሁ ነገር ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። መልእክቱን ስትልኩ ለግማሹ 2:30፣ ለግማሹ 7:30 ብላችሁ ጻፉ። 34 ሰው ከሆነ ደግሞ በሁለት ቀን ከፍሉት፤ ያኔ ለአንዱ ሰው 28 ደቂቃ ይደርሰዋል፣ ዘግይታችሁ ብትጀምሩ እንኳ የመጨረሻዋ ልጅ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ትጠየቃለች። የሩቁን ሰው አድራሻ ከማመልከቻው ላይ ታገኙታላችሁ፣ ለእሱ ከሰዓቱን ስጡት። ተራውን ሁልጊዜ ከ«ሀ» አትጀምሩ። ዛሬ ከ«ሀ» ከሆነ ለሚቀጥለው ማስታወቂያ ከ«ፐ» ወደ ኋላ ኑ፣ ወይም ዕጣ አውጡ። ስሙ ተጠርቶ ያልተገኘ ሰው ካለ፣ ቀኑ ከማለቁ በፊት አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጥሩት። የመጸዳጃ ቤቱም ቁልፍ በዚያ ቀን በሩ ላይ ይዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ ልመና ነው። ይህንን ደብዳቤ አንብባችሁ የትኛዋ ጽዳት ሠራተኛ ናት ብላችሁ ከፈለጋችኋቸው፣ ለተግሣጽ አይሁን። በሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ተራውንና ሰዓቱን ስታወጡ፣ አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ ጠይቋቸው። ኮሪደሩን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ውጤቱ ገና አልተለጠፈም። ሲለጠፍ፣ ስሜ ቢኖርም ባይኖርም፣ እመጣለሁ። የእትዬ ምሳ ዕቃ እኔ ዘንድ ነው ያለው። እናቴ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብላ፣ ትናንት ማታ ገብስ ቆልታ፣ ኑግና ሽምብራ ደባልቃበት፣ እስከ አፉ ሞልታዋለች። ክዳኑ አልገጥም ስላላት በነጠላ ጫፍ ጠቅልላ አሰረችው።

ከአክብሮት ጋር፣
34ኛዋ ተፈታኝ፣ ደብረ ብርሃን